የወሩ የማስታወቂያ በጀት በ22 እያለቀ ተቸግረናል፤ የመጨረሻውን ሳምንት እንዴት ላድርሰው?

ሳቢያን_ገበያ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ፣ ሳቢያን ያለ የቤት ዕቃ መደብር አለ፤ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያ ይሸጣል። የፌስቡክ ማስታወቂያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለቤቱ ወር በገባ በ1ኛው ቀን፣ ዶላር ካርዱ ላይ 210 ዶላር ያስገባል። ወር ማለት በእኛ አቆጣጠር ነው።

210ን ለ30 አካፍዬ አንድ ካምፔይን በቀን 7 ዶላር ከፈትኩ። ጥቅምት 22 ላይ ካርዱ ባዶ ሆነና ማስታወቂያው በሙሉ ቆመ። በ22 ቀን መሄድ የነበረበት 154 ዶላር ነው፤ 56ቱ የት እንደገባ አላወቅኩም። የሚያናድደው ደግሞ የቆመው ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት መሆኑ ነው፤ ሰው ፍሪጅ የሚጠይቀው ያኔ ነው። ለኅዳር እንዴት ላስተካክለው?

መጋላ_ፕሮሞ

ወንድሜ ነገሩ ቀላል ነው። ፌስቡክ በቀን የሰጠኸውን እጥፍ ድረስ ማውጣት ይችላል፤ በወሩ መጨረሻ ግን የቀኑን በጀት በ30.4 አባዝተህ ከምታገኘው አያልፍም። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ ቢበዛም ኋላ ይካካሳል። ለማንኛውም ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ `Account spending limit` የሚለውን 210 ላይ አስረው፤ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

የለገሃሯ

መጋላ፣ የ30.4ቱ ሕግ አለ፤ ግን የጉግል ነው እንጂ የፌስቡክ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ፌስቡክ ወር የሚባል ነገር አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሳምንት ነው፤ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ። ገበያ አለ ብሎ ባሰበበት ቀን ከቀኑ በጀት እስከ 75 በመቶ አስበልጦ ያወጣል፣ በሌላው ቀን ያንሳል፣ በሳምንቱ ድምር ግን ከቀኑ በጀት ሰባት እጥፍ አያልፍም። በቀን 7 ከሆነ ማክሰኞ 12 ዶላር ከሩብ ብታይ አትደንግጥ፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ግን ከ49 መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የአንተ ካምፔይን ብቻውን 56 ዶላር ሊያስጠፋ አይችልም። ገንዘቡ በሌላ በር ነው የወጣው።

የዶላሩን ገደብ በተመለከተ፣ 210 ላይ ብታስረው ኖሮም ያው በ22 ይቆም ነበር። እሱ ፍሬን ነው፤ ሲደርስበት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያቆማል እንጂ ወጪውን ለ30 ቀን አያከፋፍልልህም።

አሁን ይህን አድርግ። አድስ ማናጀር ክፈትና ቀኑን ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 1 አድርገው፤ ጥቅምት 1 እስከ 22 ማለት ነው። ከዚያ አንዱን የአንተን ካምፔይን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፣ የጠፉትንም ጨምረህ፣ `Amount spent` በሚለው ቅደም ተከተል ደርድራቸው። ስማቸው `Post:` ብሎ የሚጀምር መስመሮች ካሉ ቁጥራቸውንና ወጪያቸውን ንገረኝ።

ሳቢያን_ገበያ

አራት አሉ! እያንዳንዳቸው 14 ዶላር። እኔ አልከፈትኳቸውም።

የለገሃሯ

አራት ጊዜ 14፣ ይኸው 56። ከፔጁ ላይ ፖስት ስር ያለውን ቡስት የሚለውን ቁልፍ የነካ ሰው አለ፤ ምናልባት ባለቤቱ ወይም ሱቁ ውስጥ ያለ ልጅ በስልኩ። ቡስት ሲደረግ ራሱን የቻለ ካምፔይን ነው የሚከፈተው፣ የራሱ በጀትና የራሱ ቀን አለው፤ አንተ የመደብከውን 7 ዶላር አይጠይቅም። የሚገናኙት ካርዱ ላይ ብቻ ነው። በጀት ከ22 በፊት ሲያልቅ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ፔጁ ላይ ያለውን የሥልጣን ደረጃ ማስተካከል ነው፤ ፖስት የሚለጥፈው ሰው ማስታወቂያ የመክፈት ፈቃድ አያስፈልገውም። ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ግን የገንዘቡን ጌታ ልትከለክለው አትችልም። ያኔ ለቡስት የሚሆን ድርሻ ከመጀመሪያው ለይተህ አስቀምጥና "በወር 14 ዶላር አለልህ፣ ከዚያ በላይ ከፈለግክ ጨምር" በለው።

ጎሮ_እናት

እኔ በበኩሌ ስለ ቤት ወጪ ትመክሩናላችሁ ብዬ ነበር የገባሁት፤ ደመወዝም እኮ በ22 ነው የሚያልቀው። ቢሆንም የእኔ ስህተት እናንተንም ሊነካ ይችላል። ደመወዙን ለአራት ሳምንት እከፍለው ነበር፤ አራት ሳምንት ግን 28 ቀን ነው፣ የእኛ ወር ደግሞ ከጳጉሜ በቀር ሁልጊዜ 30። ሁለቱ ቀን ምንም የተመደበላቸው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ለ30 ከፍዬ፣ ጤፍና መብራቱን አስቀድሜ አውጥቼ ነው የምሠራው።

የለገሃሯ

እትዬ፣ ትክክል ነዎት፤ ለእኛም ይሠራል። ፌስቡክ በሳምንት ስለሚቆጥር በጀታቸውን ለአራት የሚከፍሉ ብዙ ናቸው፤ 210ን ለአራት ከፍለው በሳምንት 52 ከግማሽ ይመድቡና 29ኛው ቀን ላይ ባዶ ይሆናሉ። በቀን አስበን በሳምንት ብንፈትሸው ይሻላል።

እንግዲህ የሳቢያንን ኅዳር እንሥራው። ዘንድሮ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ነው፣ ኅዳር 30 ደግሞ ዲሴምበር 9። ፍሪጅ የሚሸጠው በወሩ መጨረሻ ከሆነ 30ውን ቀን እኩል መመገብ ለምን ያስፈልጋል? እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። ከ1 እስከ 22 በቀን 6 ዶላር፣ 132 ይሆናል። ከ23 እስከ 30 ላለው ስምንት ቀን በቀን 8፣ 64 ይሆናል። የቀረው 14 ለባለቤቱ ቡስት ነው። ድምሩ 210።

ከዚያ በየቀኑ አትነካካው። ቅዳሜ ማታ ብቻ ክፈተው፣ ምክንያቱም የፌስቡክ ሳምንት የሚዘጋው ያኔ ነው፤ ረቡዕ ላይ የምታየው ቁጥር ገና ያልተካካሰ ነው። በዕቅዱ መሠረት ቅዳሜ ኅዳር 6 ላይ 36 ዶላር፣ ኅዳር 13 ላይ 78፣ ኅዳር 20 ላይ 120 መድረስ አለበት። ሦስቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ ጠረጴዛህ ላይ ለጥፋቸው።

እንበልና ኅዳር 13 ላይ 92 ሆኖ አገኘኸው፤ በ14 ዶላር ቀድሟል። እስከ 22 ያለህ 132 ነበር፣ 92 ሲነሳ 40 ይቀራል፣ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው፣ ስለዚህ በቀን 4.40 ታደርገዋለህ። ከ23 በኋላ ያለውን 64 አትነካም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጎደለውን ከመጨረሻው ሳምንት ያበድራል፣ ሳምንቱ ሲደርስ የሚመልስ የለም። ጉግል ሺት ላይ ከሠራኸው ቀመሩ ይህ ነው፤ B1 የመጀመሪያው ክፍል በጀት፣ B2 የወጣው፣ B3 የክፍሉ ቀናት፣ B4 ያለፉት ቀናት፦

```
=(B1-B2)/(B3-B4)
```

በተቃራኒው 60 ብቻ ሆኖ ብታገኘው ቀመሩ በቀን 8 ይልሃል። ያኔ ወዲያው አትጨምር። በጀት ሲቀር ምክንያት አለው፤ ማስታወቂያው ውድቅ ተደርጎ ይሆናል፣ ክፍያ ተመልሶ ለሁለት ቀን ቆሞ ይሆናል፣ ወይም የመረጥከው ሕዝብ ጠቦ "ድሬዳዋ፣ ዕድሜ 30 እስከ 35፣ የቤት ዕቃ የሚወዱ" ብለህ አጥረኸው ይሆናል። ምክንያቱን ሳታውቅ ገንዘብ ብትጨምር ወይ አይወጣም፣ ወይ ለማይገዛ ሰው ይወጣል።

ከዚራ_አድስ

በአጠቃላዩ እስማማለሁ። የምለየው ከ22 ወደ 23 ሲሸጋገር ነው። በአንድ ሌሊት ከ6 ወደ 8 ማድረግ የሲሶ ጭማሪ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ካምፔይኑን `Learning` ወደሚለው ደረጃ ሊመልሰው ይችላል፤ ሲስተሙ ለማን ማሳየት እንዳለበት እንደ አዲስ መፈለግ ይጀምራል፣ ለዚያውም ስምንት ቀን ብቻ ሲቀርህ። እኔ ብሆን ዋናውን 6 ላይ ትቼው፣ ለመጨረሻው ሳምንት ሌላ ካምፔይን እከፍት ነበር፤ `Lifetime budget` መርጬ ከዲሴምበር 2 እስከ 9፣ 16 ዶላር። 48ና 16፣ ያው 64 ነው። ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይቆማል።

የለገሃሯ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይይዘኛል። ከ`Learning` ለመውጣት በሳምንት ውስጥ ወደ 50 የሚጠጋ ውጤት ያስፈልጋል፤ የሳቢያን ውጤት ኢንቦክስ የሚገባ መልእክት ነው። 16 ዶላር ለ50 ብታካፍለው 32 ሴንት ነው። መልእክት በዚያ ዋጋ ካላገኘ አዲሱ ካምፔይን ሳይማር ቀኑ ያልቃል። ዋናው ግን በሳምንት 42 ዶላር አለው፤ መልእክት እስከ 84 ሴንት ቢመጣለትም 50 ይደርሳል። ትንሽ በጀት ሲከፋፈል ሁሉም ግማሽ ተማሪ ሆኖ ይቀራል።

እኔ የማደርገው ከ19 ጀምሮ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው፤ 19 ላይ 6.50፣ 21 ላይ 7፣ 23 ላይ 7.50፣ 25 ላይ 7.65። እስከ 22 የምትጨምረውን 3 ዶላር ከ23 እስከ 30 ባለው፣ ከ8 በታች በምታወጣው ታገኘዋለህ።

ከዚራ_አድስ

በየሁለት ቀኑ መነካካትስ መልሶ አያስጀምረውም? እኔ እዚህ ላይ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው አላገኘሁም። ትንሽ ጭማሪ አይነካውም ይባላል፣ የትንሽ ልኩ ግን የት ነው? ሳቢያን ኅዳርን በአንዱ፣ ታኅሣሥን በሌላው ሞክሮ የአንድ መልእክት ዋጋ ስንት እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለኛል።

አሸዋ_ነጋዴ

አቦ ሁላችሁም የወሩ መጨረሻ ይሸጣል ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። ድሬ እኮ ደመወዝተኛ ብቻ አይደለም ያለው። አሸዋና ታይዋን ያለው ሰው የዕለት ገንዘብ ነው የሚይዘው፣ ለእሱ 5ኛውም ቀን 25ኛውም ቀን አንድ ነው። የገዢህን ዓይነት ሳታውቅ ለመጨረሻው ሳምንት ብታጠራቅም የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ታስርባለህ።

የለገሃሯ

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሳቢያን፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አውጣና በእያንዳንዱ ቀን ስንት መልእክት እንደገባ ቁጠር፤ ሪፖርቱ ላይ `Breakdown` ውስጥ በቀን የሚለውን ስትመርጥ ይዘረዝርልሃል። የእኛን ቀን ቁጥር አጠገቡ ጻፍበት፣ አለዚያ ንድፉ አይታይህም፤ በፈረንጁ አቆጣጠር የእኛ 23 አንዴ 2 ላይ፣ አንዴ 3 ላይ፣ አንዴ 1 ላይ ነው የሚውለው። ማስታወቂያው ቆሞ የነበረባቸውን ቀናት አውጣቸው፣ ምክንያቱም ዜሮው የገበያ ሳይሆን የካርድ ነው። ከ23 በኋላ ያለው የቀን አማካይ ከፊቱ ካልበለጠ እኩል ክፈለው፤ 196 ለ30፣ በቀን 6.50።

ሸዋ_በር

ከሐረር ነኝ። ጀጎል ውስጥ ላለች የእንግዳ ማረፊያ ጉግል ላይ ነው የምንሠራው፣ ፍለጋ ላይ የሚወጣውን። በቀን 3 ዶላር ነው ያልኩት። እንግዳ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ማስታወቂያው አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንዲሠራ ሰዓቱን አጠርኩት። በወር 13 ቀን ያህል ነው፣ 39 ዶላር ይበቃል ብዬ ነበር። 70 ምናምን ቆረጠብኝ። ጉግል አጭበርብሮኝ ነው?

የለገሃሯ

አላጭበረበረህም፤ የመጋላ 30.4 የምትሠራው እዚህ ነው። ጉግል በአንድ ቀን ከበጀትህ እጥፍ ድረስ ማውጣት ይችላል፣ አንተ ጋ 6 ዶላር። በወሩ ደግሞ ጣሪያው 3 ሲባዛ 30.4 ነው፣ 91.20። ቀኖቹን ስታጥር የወሩ ጣሪያ አብሮ አይቀንስም፤ እንደ ሙሉ ወር ነው የሚያየው። 13 ቀን በ6 ዶላር 78 ነው፣ ከ91.20 ስለሚያንስ ምንም የሚያግደው የለም።

መውጫው የቀኑን በጀት ከጣሪያው ተነስቶ ማስላት ነው። 39 በ13 ቀን ከፈለግክ በቀን 3 ነው የምትፈልገው፤ ጉግል እጥፍ እንደሚያወጣ ገምተህ 1.50 ጻፍ። በጣም ሥራ በበዛበት ቀን እንኳ ከ3 አያልፍም።

ሌላው፣ የጉግል ወር የፈረንጅ ወር ነው። የኅዳር በጀትህ ኖቬምበር 30 ላይ፣ በእኛ ኅዳር 21 ላይ፣ ቆጣሪው ይዘጋና እንደ አዲስ ይጀምራል። እና በኅዳር ገንዘብ የሁለት ወር ጣሪያ ነው ያለህ። ከባለቤቷ ጋር ተነጋግራችሁ ሒሳቡን በፈረንጅ ወር ብታደርጉት ድካሙ ይቀንሳል። መሀል ላይ በጀት ከቀየርክም የወሩ ጣሪያ እንደገና ይሰላል፤ እስከዚያ የወጣው፣ ሲደመር አዲሱ የቀን በጀት በቀሩት ቀናት ተባዝቶ።

ሸዋ_በር

እግዜር ይስጥልኝ። ለታኅሣሥስ? የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ 19 ላይ ነው፣ ከሳምንት በፊት ጀምሮ አልጋ ይጠፋል።

የለገሃሯ

እንግዲህ ለአንተ ከባዱ ሳምንት የእኛ ወር መጨረሻ ሳይሆን ከታኅሣሥ 8 እስከ 18 ነው፣ ዲሴምበር 17 እስከ 27። የፈረንጁ ወር መጨረሻ ላይ ስለሚውል ዲሴምበርን በቀን 1 ዶላር ጀምረህ 17 ላይ ማሳደግ ትችላለህ። ግን አንድ ነገር፤ አልጋ የሚፈልገው ሰው የሚፈልገው ከመጓዙ በፊት ነው። ክፍሎቹ ተይዘው ካለቁ በኋላ ማስታወቂያው ቢሮጥ የምትከፍለው "አልጋ የለንም" ብለህ ለምትመልሰው ሰው ነው። ክፍል በሞላ ቀን ፖዝ አድርገው፣ የተረፈውን ለገና አቆየው።

ሳቢያን_ገበያ

አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። ሁልጊዜ የማየው የካርዱን ቀሪ ነበር። 22 ላይ ከመቆሙ በፊት ባለው ምሽት 20 ዶላር ያሳይ ነበር፣ ጠዋት ባዶ።

ከዚራ_አድስ

ፌስቡክ የሚቆርጠው ካወጣ በኋላ ነው። ዕዳው የተወሰነ መጠን ሲሞላ፣ ወይም የሒሳብ ቀኑ ሲደርስ፣ ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ካርድህ ላይ ያለው ገንዘብ ከፊሉ ያንተ አይደለም። ክፍያ ሲመለስበት ደግሞ የሚቆመው አንዱ ካምፔይን ሳይሆን አካውንቱ በሙሉ ነው። ስለዚህ ለሒሳብህ `Amount spent`ን ተከተል። ባለቤቱ የሚያስገባው ብር ከሆነ ደግሞ ምንዛሪው ስለሚለዋወጥ መዝገቡን በዶላር ያዝ፤ ባንኩ የሚቆርጠውንም ለብቻ መስመር ስጠው፣ 210 ብለህ ያሰብከው ካርዱ ላይ ሲደርስ ሊያንስ ይችላል።

የለገሃሯ

አካውንቱን የከፈተው ማነው? ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሆነ የሰዓት ክልሉን እይ። የሎስ አንጀለስ ከሆነ በኖቬምበር የማስታወቂያህ ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ የምታየው ቁጥር ሳምንቱ ሳይዘጋ ይሆናል፤ እሑድ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ማየት ይኖርብሃል።

ሳቢያን_ገበያ

አየሁት፣ የሎስ አንጀለስ ነው። የባለቤቱ ወንድም ነው የከፈተው። ስለዚህ 36፣ 78ና 120ን እሑድ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው የማየው። የቡስቱን ነገር ነገ ሱቅ ሄጄ ከባለቤቱ ጋር እነጋገራለሁ፤ አራቱም ከእሱ ስልክ ነው የተከፈቱት።

መጋላ_ፕሮሞ

ከተማርኩት ልጨምር። ገደቡን ፍሬን ነው ካላችሁ ፍሬንም ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ በየወሩ ስንት ቡስት እንደሚነካ አይታወቅም። 210 ላይ አስሮ በወሩ መጀመሪያ ቆጣሪውን ራሱ ወደ ዜሮ ቢመልሰው ምን ይጎዳል?

የለገሃሯ

ምንም አይጎዳም፣ አብሮ ይሂድ። መመለሱን እንዳይረሳ ብቻ ኅዳር 1ን ስልኩ ላይ ማስታወሻ ያድርግ፤ ካልመለሰው ካርዱ ሙሉ ሆኖ ማስታወቂያው አይነሳም።

ከዚራ_አድስ

ሳቢያን፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ የሁለቱን ወር የመልእክት ዋጋ እዚሁ ለጥፍልን። እኔ አሁንም ሁለተኛው ካምፔይን ያሸንፋል ባይ ነኝ።

ሳቢያን_ገበያ

እሺ። ኅዳርን በየለገሃሯ መንገድ ከ19 ጀምሬ፣ ታኅሣሥን ባንተ እሞክራለሁ። ታኅሣሥ 29 ገና ስለሆነ ግን የመጨረሻው ሳምንት ከሌላው ወር ጋር እኩል አይመዘንም፤ ጥርንም ልጨምር ይሆናል።